ከፎቶ ላይ ትልቅ ነገር ማጥፋት ለምን እንደሚወደድ ለደንበኛ በደብዳቤ ማስረዳት

ባለፈው ሳምንት ሣር ላይ የወደቀውን ባዶ የውሃ ሃይላንድ በነጻ ያጠፋችሁላቸው ደንበኛ፣ ዛሬ ከቤተሰቡ ጀርባ የቆመውን ሚኒባስ አጥፉልኝ ብለው 3,200 ብር ሲባሉ ይደነግጣሉ። መደንገጣቸው ትክክል ነው። ለእሳቸው ሁለቱም «ማጥፋት» ናቸው። «ትልቅ ስለሆነ ነው» ብሎ መመለስ ደግሞ ምንም አያስረዳም፤ እንዲያውም ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ጥርት ያለ ሰማይ ላይ ያለ ትልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ በግማሽ ሰዓት ይጠፋል፣ ፊት ላይ የወደቀች ትንሽ የቅጠል ጥላ ግን ግማሽ ቀን ልትፈጅ ትችላለች። ዋጋውን የሚያስወድደው ከዕቃው ጀርባ ያለው ነገር በፎቶው ውስጥ ጨርሶ አለመኖሩ ነው። ደብዳቤው ይህን አንድ ነገር ካስረዳ ሥራውን ጨርሷል።

ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ለትንሽ ፎቶ ቤት የሚሆን ነው። ምሳሌው አንድ የሠርግ የቤተሰብ ፎቶ ነው፤ 14 ሰው በአትክልት ቦታ ተሰልፏል፣ ከኋላ በግራ በኩል ነጭ ሚኒባስ ቆሟል፣ ደንበኛዋ የሙሽራዋ እናት ናቸው። የሰዓት ሒሳቡ 400 ብር ተብሎ የተወሰደው ለምሳሌ ያህል ነው፤ የራሳችሁን አስገቡበት።

አንደኛ፦ ሳትጽፉ በፊት ለኩ

ፎቶውን በ100% አጉልታችሁ ክፈቱ። በፎቶሾፕ Rectangular Marquee Tool ይዛችሁ ሚኒባሱን ዙሪያውን ስትመርጡት Info የሚለው ሰሌዳ ወርዱንና ቁመቱን በፒክስል ይነግራችኋል። በምሳሌያችን ፎቶው 6000 በ4000 ሲሆን ሚኒባሱ 2100 በ1600 ገደማ ይዟል፤ ይህ የፎቶው 14 በመቶ ነው። ያ ሃይላንድ 70 በ200 ነበር። በስፋት ሲተያዩ ሚኒባሱ 240 እጥፍ ይሆናል።

ይህን 240 ግን ደብዳቤው ውስጥ እንዳትጽፉት። ደንበኛዋ ዋጋውም 240 እጥፍ የሚሆን ይመስላቸዋል፣ እናንተም እንደዚያ አታስከፍሉም። ለራሳችሁ የሚጠቅማችሁ ሌላ ልኬት ነው፤ ከቀዳዳው ዳር እስከ መሃሉ ያለው ርቀት። ሃይላንዱን ስታነሡት የሚቀረው ቀዳዳ መሃል ከዳሩ የሚርቀው 35 ፒክስል ብቻ ነው። ዙሪያውን በሙሉ ሣር ስለሆነ Content-Aware Fill ከጎን ያለውን ሣር ወስዶ ይሞላዋል፣ ጥቂት ቢያዛባም ዓይን አይይዘውም። የሚኒባሱ ቀዳዳ መሃል ግን ከቅርቡ ዳር እንኳ 800 ፒክስል ይርቃል። እዚያ መሃል ምን እንደነበር የሚነግር ምንም ነገር በአካባቢው የለም። ያው መሣሪያ እዚህ ላይ ሲሞከር የአጎትን ኮት እጅጌ አጥሩ ላይ ይለጥፋል፣ ሣሩን ወደ ግድግዳው ያወጣዋል። መሣሪያው ከየት እንደሚቀዳ በብሩሽ ወስናችሁ ሰዎቹን ብታስወጡበት እንኳ ቀጥታ የነበረው የአጥር ጫፍ መሃል ላይ ሲደርስ ይጎብጣል።

ቀጥሎ ሚኒባሱ የሚነካውን ቁጠሩ። የሥራውን ሰዓት የሚወስነው ይህ ቆጠራ ስለሆነ ወረቀት ላይ ጻፉት። በምሳሌያችን ከጀርባው የሚያልፉ ሦስት መስመሮች አሉ፤ የድንጋይ አጥሩ ጫፍ፣ አጥሩ መሬት የሚነካበት፣ ሣሩ የሚያልቅበት። ከፊቱ የቆሙ አራት ሰዎች አሉ፣ ከእነሱም አንዷ ፀጉሯን የለቀቀች ሚዜ ናት፣ አንዷ አክስት ነጠላ ለብሳለች፣ ሙሽራዋ ደግሞ ቬሎዋ ወደ ሚኒባሱ በኩል ተዘርግቷል። ሣሩ ላይም የሚኒባሱ ጥላ አለ።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ቬሎው ነው። ስስ ስለሆነ የሚኒባሱ ነጭ ቆርቆሮና ጥቁር መስኮት በውስጡ ይታያል። ሚኒባሱን ከውጭ ብታጠፉት በቬሎው ውስጥ ቁራጩ ይቀራል፤ ሙሽራዋ መጋረጃ ውስጥ መኪና የደበቀች ትመስላለች። ስለዚህ ያ የቬሎ ክፍል ዳሩ ከመቆረጥ አልፎ እንደገና መቀባት አለበት። ጥላውም እንዲሁ ነው። ሚኒባሱ ሄዶ ጥላው ሣሩ ላይ ከቀረ፣ ባለቤት የሌለው ጥቁር እድፍ ይሆናል።

ሁለተኛ፦ ቀዳዳውን አሳዩ

ከደብዳቤው ጋር አንድ ሥዕል ይላክ። ሚኒባሱን ሻካራ አድርጋችሁ ምረጡ፣ በአዲስ ላየር ላይ አንድ ወጥ ግራጫ ቀለም ሙሉበት፣ ረጅሙን ጎን 1200 ፒክስል አድርጋችሁ በJPEG አስቀምጡ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ደንበኛዋ ያን ባዶ ግራጫ ሲያዩ «ከሥሩ ያለው ይወጣል» ብለው ያስቡ የነበረው ያበቃል። አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሣው ከዚህ ግምት ነው፤ ብዙ ሰው ፎቶ ላይ ያለ ነገር እንደ ምንጣፍ ከተነሣ ወለሉ የሚገኝ ይመስለዋል።

ግራጫውን በቀይ አትተኩት። ቀይ ስሕተት የተሠራ ያስመስላል፣ ደንበኛም «ፎቶዬን አበላሻችሁት» ብሎ ይደውላል።

ሦስተኛ፦ ሰዓቱን ከፋፍላችሁ አስሉ

ለዚህ ፎቶ የሚሆነው እንዲህ ነው። የአራቱን ሰዎች ዳር በማስክ መለየት፣ በተለይ የተለቀቀው ፀጉርና የነጠላው ዘርፍ፣ 2 ሰዓት ተኩል ይወስዳል። አጥሩንና መሬቱን እንደገና መሥራት 3 ሰዓት ነው። ጥላውና ቬሎው 1 ሰዓት ይፈጃሉ። ፎቶው ሲጎላ እንደ አሸዋ የሚታየውን የካሜራውን ቅንጣት ማመሳሰልና መፈተሽ ግማሽ ሰዓት፣ ደንበኛዋ አይተው ለሚጠይቁት አንድ ዙር ማስተካከያ ደግሞ 1 ሰዓት ይያዝ። ድምሩ 8 ሰዓት፣ በ400 ብር 3,200 ይሆናል።

አጥሩ ለምን 3 ሰዓት እንደሚፈጅ ስትጠየቁ መመለስ እንድትችሉ ሥራውን በዝርዝር እወቁት። ከሚኒባሱ በስተግራ የሚታየው አጥር 900 ፒክስል ብቻ ነው፤ መሸፈን ያለበት ደግሞ 2100። ያንኑ ቁራጭ በClone Stamp ደጋግማችሁ ብትለጥፉት ስንጥቅ ያለበት አንድ ድንጋይ ሦስት ቦታ ይታያል፣ ዓይንም ቶሎ ያገኘዋል። ድግግሞሹ እንዳይታወቅ ቁራጩን ወደ ጎን መገልበጥ የተለመደ ዘዴ ቢሆንም ፀሐይ ባለበት ፎቶ ላይ አይሠራም፤ ጥላው ከድንጋዮቹ በስተቀኝ የነበረው ወደ ግራ ይዞራል፣ አጥሩ ሁለት ፀሐይ የወጣበት ይመስላል። በዚያ ላይ አጥሩ ወደ ኋላ እየራቀ ስለሚሄድ ድንጋዮቹ እያነሱ መሄድ አለባቸው። Vanishing Point የሚለው ፊልተር ለዚህ ይረዳል፣ ነገር ግን የብርሃኑን ልዩነት አያስተካክልም። በግራ ፀሐይ የመታው ድንጋይ ዛፍ ሥር ወዳለው በቀኝ በኩል ሲመጣ በCurves መጨለም አለበት፣ ያውም ድንጋይ በድንጋይ።

ከዚያ በፊት ግን ዋጋውን የሚቀንሱ ሁለት ነገሮች አሉ፣ ሁለቱንም ሳትጠይቁ ደብዳቤ አትጻፉ።

አንዱ ፎቶው የት እንደሚውል ነው። 6000 ፒክስል ስፋት ያለው ፎቶ በ60 በ90 ሴንቲሜትር ካንቫስ ሲታተም በአንድ ኢንች 169 ፒክስል ገደማ ይደርሰዋል፤ ቀርቦ የሚያይ ሰው የፀጉሩን ዳር ያያል። ለስልክ ብቻ ከሆነና 1280 ፒክስል ላይ ከወረደ ግን በወርድም በቁመትም ከአምስት ፒክስል አንዷ ያህል ብቻ ናት የምትተርፈው፣ ብዙ ጉድለትም አብሮ ይጠፋል። በ3 ሰዓት የሚያልቅ ሥራ ሊሆን ይችላል። ለካንቫስ ያልተሠራ ፎቶ በኋላ ካንቫስ ላይ እንዳይወጣ ግን በጽሑፍ ይቀመጥ።

ሁለተኛው ሌላ ፎቶ መኖሩ ነው። ሚኒባሱ ከመቆሙ በፊት እዚያው ቦታ የተነሣ ፎቶ እንግዶች ስልክ ላይ ይኖር ይሆናል። ከሌለ ቦታው ድረስ ሄዶ ባዶውን አጥር ማንሣት ይቻላል። ይህ የሚጠቅመው ፎቶው በተነሣበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ካሜራው በነበረበት ቁመትና በዚያው ሌንስ ሲነሣ ነው። ጠዋት የተነሣ አጥር ጥላው በሌላ በኩል ስለሚወድቅ አይገጥምም። ከሁለት ወር በኋላ ክረምት ገብቶ ከሆነም አጥሩ ይጠቅማል፣ ሣሩ ግን አይጠቅምም። የሚገጥም ፎቶ ከተገኘ የአጥሩ ሥራ ከ3 ሰዓት ወደ 1 ሰዓት ተኩል ስለሚወርድ ዋጋው 2,600 ብር ይሆናል።

እንግዶቹ በቴሌግራም ሲልኩ File አድርገው ይላኩ። እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ መተግበሪያው አሳንሶና አጭቆ ስለሚያስተላልፈው ድንጋዩ ሁሉ ለስልሶ ይመጣል፣ ከካሜራው ፎቶ አጠገብ ሲለጠፍም ጭጋግ ይመስላል።

አራተኛ፦ ደብዳቤው

አንድ ገጽ አይለፍ። የሶፍትዌር ስም አያስፈልገውም። ዋጋው መጨረሻ ላይ ተደብቆ ከሚቀመጥ ከምክንያቱ ቀጥሎ ይምጣ፤ ደንበኛ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። ሦስት ምርጫ ስጡ፣ ምክንያቱም አንድ ዋጋ ብቻ የቀረበለት ሰው ያለው ምርጫ መከራከር ብቻ ነው።

> ለተከበሩ ደንበኛችን
>
> ጉዳዩ፦ ከቤተሰብ ፎቶው ላይ ሚኒባሱን ስለማጥፋት
>
> እንኳን ደስ አለዎት፤ ትዳራቸውን ይባርክልን።
>
> ከቤተሰቡ ጀርባ የቆመው ሚኒባስ እንዲጠፋ ጠይቀውናል። ባለፈው ያነሣነው የውሃ ሃይላንድ ዙሪያውን ሣር ስለነበር ያንኑ ሣር አጠጋግተን ሸፈንነው። ሚኒባሱ ግን የፎቶውን 14 በመቶ ይዟል፤ ከጀርባው የነበረውን አጥርና መሬት ካሜራው አላየውም። ሚኒባሱን ስናነሣ የሚቀረው በአባሪው ሥዕል ላይ በግራጫ ያሳየነው ባዶ ቦታ ነው። ያን ቦታ ከሚታየው አጥር እየወሰድን እንደ አዲስ እንሠራዋለን። ከፊቱ የቆሙትን አራት ሰዎች ዳር፣ የሚዜዋን ፀጉር፣ የነጠላውን ዘርፍና በቬሎው ውስጥ የሚታየውን የመኪናውን ክፍልም በእጅ እንለያለን።
>
> ሥራው 8 ሰዓት ይፈጃል፣ ዋጋው 3,200 ብር ነው። ግማሹን ከተከፈለን ቀን ጀምሮ በ4 የሥራ ቀን እናስረክባለን። በሁለተኛው ቀን መጨረሻ ረቂቁን እንልክልዎታለን፤ አይተው የሚነግሩንን አንድ ጊዜ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እናስተካክላለን።
>
> ከዚህ የቀለሉ ሁለት መንገዶችም አሉ። የመጀመሪያው ሚኒባሱን ሳናጠፋ ማደብዘዝ ነው፤ ታርጋውንና ጽሑፉን አንሥተን፣ ነጩን ቀለም አጨልመን ከዛፎቹ ጋር እንዲመሳሰል እናደርገዋለን። 600 ብር ነው፣ በማግሥቱ ይደርሳል። ሁለተኛው ፎቶውን በግራ በኩል መከርከም ነው። ይህ ያለ ክፍያ ነው፣ ነገር ግን ሚኒባሱ በከፊል ይቀራል፣ በግራ ጫፍ የቆሙት ሁለት ሰዎችም ይወጣሉ።
>
> እዚያው ቦታ ሚኒባሱ ሳይመጣ የተነሣ ፎቶ ከእንግዶች ዘንድ ካገኙ በቴሌግራም File አድርገው ይላኩልን። የሚገጥም ከሆነ ዋጋው ወደ 2,600 ብር ይወርዳል።
>
> አንድ ነገር እንዲያውቁልን እንወዳለን። ከሚኒባሱ ቦታ ላይ የሚታየው አጥር በእኛ የተሠራ እንጂ የነበረው አይደለም። ቦታውን በደንብ የሚያውቅ ሰው ልዩነት ሊያገኝ ይችላል። ሥራውም በ60 በ90 ሴንቲሜትር ለማተም የሚበቃ ይሆናል።
>
> የመረጡትን ይንገሩንና እንጀምራለን።
>
> ከአክብሮት ጋር

«አንድ ነገር እንዲያውቁልን» የሚለውን አንቀጽ አብዛኛው ፎቶ ቤት መጻፍ ይፈራል፤ ደንበኛን የሚያባርር ይመስለዋል። ሳይጻፍ ሲቀር ግን ከቤተሰቡ አንዱ «እዚህ ጋ እኮ የብረት በር ነበር» ይላል፣ እናንተም በር እንድትሠሩ በነጻ ትጠየቃላችሁ። ፎቶው ለማስረጃ የሚቀርብ ከሆነ፣ ለምሳሌ የአጥር ወሰን ክርክር ካለ፣ የተሠራውን ቅጂ አትስጡ፤ ዋናውን እንዳለ ስጡ።

8 ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ለምን 4 ቀን እንደሚያስፈልገው በቃል መጠየቁ አይቀርም። መልሱ አጭር ነው። የመጀመሪያው ቀን ለሰዎቹ ዳርና ለአጥሩ ሻካራ ሥራ፣ ሁለተኛው ለቀሪው፣ ሦስተኛው ደንበኛዋ አይተው እስኪመልሱ፣ አራተኛው ለማስተካከያ ነው። ሦስትና አራት ሰዓት አንድ አጥር ላይ ያፈጠጠ ዓይን የራሱን ስሕተት ይለምደዋል፤ ማታ ያለቀ የመሰለ ሥራ ጠዋት ሲከፈት ተደጋግሞ የተለጠፈው ድንጋይ ፊት ለፊት ይታያል። የአራቱን ቀን ሥራ በአንድ ሌሊት ለማድረስ ቃል የገባ ሰው የሚያወጣው ይህንኑ ሳያይ ነው።

አምስተኛ፦ ረቂቁን ከመላካችሁ በፊት

ደብዳቤው ለካንቫስ ይበቃል ብሎ ቃል ስለገባ ፍተሻው ግድ ነው። ፎቶውን ወደ ጎን ገልብጣችሁ እዩት፤ የለመዳችሁት ምስል ሲዞር የጎበጠ መስመር ይወጣል። ከሁሉም ላየሮች በላይ አንድ ጊዜያዊ Curves ላየር ጨምራችሁ ንጽጽሩን በጣም አጠንክሩት፤ የተለጠፈው ቦታ ከአካባቢው የተለየ ብርሃን ካለው እንደ ካርታ ወሰን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዚያ በ100% ጥላው ውስጥ ያለውን የካሜራ ቅንጣት ተመልከቱ። ዋናው ፎቶ ሻካራ ሆኖ የተሠራው ቦታ ልሙጥ ከሆነ፣ ስልክ ላይ ባይታወቅም ሲታተም ፕላስቲክ ይመስላል። ጥቂት ቅንጣት መጨመር ነው። ስትጨርሱ ጊዜያዊውን ላየር ማጥፋት አትርሱ፤ በዚያ ንጽጽር የተላከ ረቂቅ ሌላ ረጅም የስልክ ንግግር ያመጣል።

ስድስተኛ፦ መልሱ ሲመጣ

ደንበኛዋ «ስልኬ ላይ ያለው አፕ እኮ በአንድ ጊዜ ያጠፋዋል» ካሉ አትከራከሩ። አፑ ያጠፋውን እንዲልኩላችሁ ጠይቁና አጥሩ ሚዜዋ ፀጉር አጠገብ የሚደርስበትን ቦታ ብቻ ቆርጣችሁ አጉልታችሁ መልሱላቸው። ያ ለእሳቸው የሚበቃ ከሆነና ፎቶው ከስልክ የማይወጣ ከሆነ ይበቃል በሏቸው፤ በእርግጥም ይበቃል።

«2,000 ብር አድርጉልኝ» ካሉ ዋጋውን ብቻ አትቀንሱ፣ ከሥራውም ቀንሱ። ለስልክ ብቻ በሚሆን መጠን 3 ሰዓት ሠርታችሁ 1,200 ብር ልትሉ ትችላላችሁ። ለካንቫስ የሚሆነውን በስልኩ ዋጋ ከሰጣችሁ የሚቀጥለው ሚኒባስም በዚያው ዋጋ ይጠበቃል።

ረቂቁን ካዩ በኋላ በጣም የተለመደው ጥያቄ «በቀኝ በኩል ያለውንም ሰውዬ አንሱልኝ» ነው። ሰውየው የቆመው በዚያ በኩል ባለ የብረት በር ፊት ለፊት፣ ትከሻውም ከአያት ሻሽ ጀርባ ነው። ይህ ማስተካከያ አይደለም፣ ሌላ ቀዳዳ ነው። እንደገና ለክታችሁ፣ ቆጥራችሁ፣ ግራጫውን ሥዕል ሠርታችሁ በአዲስ ደብዳቤ መልሱ፤ የመጀመሪያውን ሥራ ግን እሱን ሳትጠብቁ አስረክቡ።